ከ38 ሰዓት መቋረጥ በኋላ የሚወጣ የይቅርታ መግለጫ፦ ይህን ረቂቅ አስተካክሉልኝ

ሰብለ_ኮ

ሰላም ለሁላችሁ። ነጋዴዎች በስልክ ክፍያ የሚቀበሉበት አገልግሎት ያለው ድርጅት ውስጥ በኮሙኒኬሽን ክፍል ነው የምሠራው። ስሙ ይቆየን። ቁጥሮቹንና ሰዓቶቹን ለመድረኩ ስል ቀያይሬያቸዋለሁ፣ ነገሩ ግን ያው ነው። አገልግሎቱ ማክሰኞ ከሌሊቱ 7፡40 ቆመ፣ ረቡዕ ከቀኑ 9፡40 ተመለሰ። መግለጫው ነገ ሐሙስ ጠዋት ይወጣል። አለቃዬ ያጸደቀው ረቂቅ ይኸውና፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ሰሞኑን ባጋጠመ ቴክኒካዊ ችግር ምክንያት በአገልግሎታችን ላይ መጠነኛ መቆራረጥ መከሰቱ ይታወቃል። ችግሩ በባለሙያዎቻችን ከፍተኛ ርብርብ ሙሉ በሙሉ የተቀረፈ መሆኑን እየገለጽን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ስላሳያችሁት ትዕግሥት እያመሰገንን፣ ወደፊትም የላቀ አገልግሎት ለመስጠት የምንተጋ መሆናችንን እናረጋግጣለን።»

ከልብ የመጣ እንዲመስል እፈልጋለሁ። የት የት ላይ ልንካው?

ሱቅ_በደረቴ

እህቴ፣ እኔም ማክሰኞ ጠዋት አንድ ደንበኛ 3,200 ብር ከፍሎኛል። እሱ ስልክ ላይ «ተከፍሏል» ይላል፣ እኔ ጋ ግን እስካሁን አልገባም። ዕቃውን ሰጥቼዋለሁ። ብሩ መቼ ነው የሚገባው? ለማን ነው የምደውለው?

ሰብለ_ኮ

ወንድሜ፣ ይህ የድርጅቱ ገጽ አይደለም፤ ስለ መግለጫው አጻጻፍ ነው የምንወያየው። በሚጠቀሙበት አገልግሎት የጥሪ መስመር ቢደውሉ ይሻላል።

ሰርቨር_ክፍል

ሰብለ፣ ሰውዬውን ቶሎ አትሸኚው። ረቂቅሽ ውስጥ የጎደለውን በሁለት መስመር ነግሮሻል። ነገ ጠዋት ያንን መግለጫ የሚያነበው ሰው የእሱ ቢጤ ነው። «ብሬ የት አለ? መቼ ይገባል? እኔ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?» ይላል። ረቂቁ ለሦስቱም መልስ የለውም። ትዕግሥቱን ያመሰግናል እንጂ ብሩን አያነሳም።

ሁለተኛው ነገር፣ በረቂቁ ውስጥ አንድም ሰው ምንም አላደረገም። ችግር «አጋጠመ»፣ መቆራረጥ «ተከሰተ»፣ መጉላላት «ተፈጠረ»። ድርጅቱ ብቅ የሚለው ርብርብ ላይ ብቻ ነው። ሲበላሽ ማንም የለም፣ ሲጠገን ባለሙያዎቻችን አሉ። አንባቢ ይህን በቃል ባይገልጸውም ይገባዋል፤ የሚናደደውም ለዚህ ነው። «መጠነኛ መቆራረጥ» የሚለውንማ ለ38 ሰዓት ከምትጽፊው ባትጽፊ ይሻላል። በዚያ ላይ «ሰሞኑን»! ቀኑንና ሰዓቱን ሱቅ ዘግቶ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ግን ቃላት ከመነካካታችን በፊት የተሟላ የሰዓት ዝርዝር ስጪን። መጀመሪያ ያወቃችሁት መቼ ነው? ለደንበኛ መጀመሪያ የተናገራችሁትስ? የተሳሳተ ተስፋ ሰጥታችኋል? ስንት ክፍያ መሃል ላይ ቀረ? መንስኤው በአንድ ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው? እነዚህ ሳይኖሩ የሚጻፍ ይቅርታ የቱንም ያህል ቢያምር ባዶ ነው።

ለዛ_ያለው

እኔ በዚህ አልስማማም። ሕዝብ የሚፈልገው ስሜት ነው እንጂ የሰዓት ዝርዝር አይደለም። እንዲህ ብትይውስ፦ «ውድ ቤተሰቦቻችን፣ በእነዚያ ሰዓታት የተሰማችሁ ሕመም የእኛም ሕመም ነበር። እያንዳንዷ ያልተሳካች ክፍያ ልባችንን አድምታለች። አንገታችንን ደፍተን፣ እግራችሁ ሥር ወድቀን ይቅርታችሁን እንለምናለን።» ይህ ሰው ልብ ውስጥ ይገባል።

ጥሪ_ማዕከል

ይህን ያነበበ ሰው ደውሎ የሚጠይቀው «ደማችሁን ተዉት፣ ብሬስ?» ብሎ ነው። በዚያ ላይ ስልኩን የምታነሳው ልጅ የምትመልሰው የላትም፤ መግለጫው እሷንም አላስታጠቃትም። ጥሩ መግለጫ የጥሪ መስመሩን ጭነት ይቀንሳል፤ የእናንተ ረቂቅም የለዛ ያለው ረቂቅም ይጨምሩታል። አንድ ነገር ግን ልክ ነህ። ደረቅ ሪፖርት ብቻ ከሆነም ሰው አይቀበለውም። የሰውየው ጉዳት ምን እንደነበር አንድ ቦታ በስሙ መጠራት አለበት፦ ሱቅ ከፍቶ መጠበቅ፣ ዕቃ ሰጥቶ ብር አለመግባት። የጎደለው ይህ ነው እንጂ ለቅሶ አይደለም።

ሰብለ_ኮ

እሺ፣ ከቴክኒክ ክፍል ያገኘሁት ይህ ነው።

ማክሰኞ ከሌሊቱ 7፡40 የመረጃ ቋቱን ወደ አዲስ ስሪት ሲያሻሽሉ ሥራው መሃል ላይ ከሸፈ፣ አገልግሎቱ ቆመ። ወደ ቀድሞው ስሪት ለመመለስ ተዘጋጅቶ የነበረው መንገድ የተሞከረው በትንሽ ቅጂ ላይ ብቻ ስለነበር አልሠራም። ለ9 ሰዓት ያህል በቦታው ሊጠግኑት ሞከሩ፤ በዚያ መሃል አገልግሎቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ከጠዋቱ 4፡40 ላይ ጥገናውን ትተው ከመጠባበቂያ ቅጂ ለመመለስ ወሰኑ። እሱ 26 ሰዓት ፈጀ፣ ከዚያ ሒሳብ ለማስታረቅ 3 ሰዓት።

ለደንበኛ የመጀመሪያው ማስታወቂያ የወጣው ከጠዋቱ 2፡15 ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል» አልን። ከዚያ ቀጥሎ ያወጣነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው።

ብልጭ ድርግም ሲል በነበረበት ጊዜ 2,140 ክፍያዎች ከከፋዩ ተቆርጠው ተቀባዩ ጋ አልደረሱም። 1,962ቱ ተስተካክለዋል። 178 ቀርተዋል፣ እስከ ዓርብ ያልቃሉ ተብሏል።

ሰርቨር_ክፍል

አሁን የምንሠራበት ነገር አለ። አንድ ጥያቄ ብቻ። 4፡40 ላይ ከመጠባበቂያ ቅጂ ለመመለስ ሲወሰን ሥራው ከአንድ ቀን በላይ እንደሚፈጅ ይታወቅ ነበር?

ሰብለ_ኮ

ጠይቄ ነበር። አዎ፣ ይታወቅ ነበር። ከአርባ ደቂቃ በፊት «በአንድ ሰዓት ውስጥ» ብለን ስለነበር ማስተባበያ ለማውጣት ማጽደቂያ ሲጠበቅ 11 ሰዓት ሆነ።

ሰርቨር_ክፍል

እንግዲያው የመግለጫው ዋና ነጥብ እሱ ነው። የመረጃ ቋቱ መክሸፍ አንደኛው ጥፋት ነው፣ ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ከ4፡40 እስከ 11 ሰዓት፣ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ እያወቃችሁ ዝም ያላችሁት ግን ሌላ ጥፋት ነው። ነጋዴው «አሁን ይመለሳል» ብሎ ደንበኛ ሲያቆይ የዋለው በእናንተ ቃል ነው። ዛሬ አይመለስም ተብሎ ቢነገረው ጥሬ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፣ ወይም ሌላ መንገድ ይፈልግ ነበር። ይህን ሳትጠቅሱ ሌላውን ሁሉ ብትዘረዝሩ፣ ነጋዴው ሁለቱንም ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ስለያዘ ራሱ ያገናኘዋል።

ለማነጻጸር የሶፍትዌር ድርጅቱን የአትላሲያንን ጉዳይ እዩት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2022። አንድ ያረጀ መተግበሪያ ከደንበኞች ላይ ለማጥፋት የጽሑፍ ትዕዛዝ አዘጋጁ። አስፈጻሚው ቡድን የተሰጠው ግን የመተግበሪያው መለያ ቁጥር ሳይሆን መተግበሪያው ያለበት የደንበኛው ሙሉ ገጽ መለያ ነበር። ትዕዛዙም በቋሚነት በሚያጠፋው መንገድ ተላከ። በ23 ደቂቃ ውስጥ የ775 ደንበኞች 883 ገጾች ጠፉ። አንዳንዱ ደንበኛ እስከ 14 ቀን ያለ አገልግሎት ቆየ።

ለእኛ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የደንበኞቹ አድራሻ ከገጾቹ ጋር አብሮ ስለጠፋ ብዙዎቹን ማግኘት አልቻሉም፤ የእርዳታ ጥያቄ ማቅረቢያውም የሚሠራ የገጽ አድራሻ ይጠይቅ ስለነበር ደንበኛውም እነሱን ማግኘት አቃተው። ለሕዝብ በሰፊው ሳይናገሩ ቀናት አለፉ፣ ዝርዝር ማብራሪያ የወጣው ከሳምንት በኋላ ነው። መጀመሪያ የተጠቀሰው 400 ያህል ደንበኛ ነበር፣ በኋላ ቁጥሩ 775 ሆነ። ከ2 መቶ ሺህ በላይ ደንበኛ ላለው ድርጅት ይህ ጥቂት ነው፣ እነሱም «ጥቂት ደንበኞች» ብለዋል። ከጥቂቶቹ አንዱ ለሆነ ሰው ግን መቶኛው ምኑም አይደለም።

በወሩ መጨረሻ ያወጡት ሪፖርት ግን አሁንም ጥሩ ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። መለያ ቁጥሩ እንዴት እንደተሳሳተ፣ ገጽ መመለሱ ለምን ያን ያህል እንደፈጀ፣ ምን ያህል መረጃ ሊጠፋ እንደሚችል ሁሉ አለበት። ሙሉውን ሥዕል እስክናገኝ ከመጠበቅ ይልቅ የምናውቀውንና የማናውቀውን ለይተን ቶሎ መናገር ነበረብን ብለው ጽፈዋል። የእናንተም 6 ሰዓት ከ20 እዚያው ነው የሚገባው።

የሕግ_ዶሴ

ሁላችሁም የምትረሱት ነገር አለ። ይቅርታ ማለት ጥፋተኝነትን ማመን ነው። «እኛ ነን ያቋረጥነው» ብሎ በማኅተም የወጣ ወረቀት ነገ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። አለቃሽ ያጸደቀው ረቂቅ ለዚያ ነው እንደዚያ የተጻፈው። ምንም አትንኪው።

ዶን_ሚልስ

ወንድሜ ይህ በሁሉም አገር እንደዚያ አይደለም። እኔ ባለሁበት በካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የይቅርታ ሕግ አለ፤ ይቅርታ መጠየቅ በፍትሐ ብሔር ክስ ላይ የጥፋት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ሌላው የካናዳ ክፍለ ግዛት ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከዚያ ቀድሞ በ2006 አውጥቷል። በእንግሊዝም በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ይቅርታ መጠየቅ በራሱ ቸልተኝነትን ማመን አይደለም ይላል። ሕግ አውጪዎቹ ያንን ያደረጉት ሰው በፍርሃት ዝም እንዳይል ነው።

የሕግ_ዶሴ

የኦንታሪዮ ሕግ አዲስ አበባ አይሠራም።

ሰርቨር_ክፍል

ልክ ነው፣ አይሠራም። ለዚህ ነው ሰብለ ከራሷ ድርጅት የሕግ ክፍል ጋር መነጋገር ያለባት። ግን ሁለት ዓይነት ዓረፍተ ነገር አለ። «የመመለሻውን መንገድ የሞከርነው በትንሽ ቅጂ ላይ ብቻ ነበር» የሚለው የሆነ ነገር ነው። «በቸልተኝነታችን ደንበኞቻችንን ለኪሳራ ዳርገናል» የሚለው ደግሞ የዳኛ ብይን ነው። የመጀመሪያውን መጻፍ ትችላላችሁ፤ በምርመራም ይወጣል፣ ስለዚህ አትደብቁትም። ሁለተኛውን መጻፍ አያስፈልግም፣ ቅንነትም አይጨምርም። የሕግ ባለሙያ ረቂቅ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስወጣው ሁለተኛውን ነው፤ ጸሐፊው ግን ደንግጦ የመጀመሪያውንም አብሮ ይሰርዘዋል።

የሕግ_ዶሴ

እስከዚያ ድረስ እስማማለሁ። ግን «ማድረግ ነበረብን» የሚል ሐረግ ካየሁ እሰርዘዋለሁ። ግዴታ ነበረብን፣ አልተወጣንም ማለት ነውና።

ሰርቨር_ክፍል

ስለ መረጃ ቋቱ «አልለካንም» ይበቃል፣ ያንን እለቅልሃለሁ። ስለ ዝምታው ግን «መንገር ነበረብን» ካልተባለ ይቅርታው ምኑ ላይ ነው? እዚያ ላይ አልስማማም።

የእኔን ረቂቅ ልጻፈው፣ ተረባረቡበት፦

«ማክሰኞ ከሌሊቱ 7፡40 እስከ ረቡዕ ከቀኑ 9፡40፣ ለ38 ሰዓት፣ በእኛ አገልግሎት መክፈልም ክፍያ መቀበልም አልቻላችሁም። ምክንያቱ የእኛ ሥራ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

የመረጃ ቋታችንን ወደ አዲስ ስሪት ስናሻሽል ሥራው መሃል ላይ ከሸፈ። ወደ ቀድሞው የምንመለስበትን መንገድ አስቀድመን የሞከርነው በትንሽ ቅጂ ላይ ብቻ ስለነበር በሙሉው መረጃ ላይ አልሠራም። ከመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም ቀድመን አልለካንም፤ 26 ሰዓት ፈጀ። ከውጭ የደረሰ ጥቃት አልነበረም፣ የማንም የይለፍ ቃል ወይም የግል መረጃ አልወጣም።

ሌላም ይቅርታ የምንጠይቅበት ነገር አለ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚመለስ ነገርናችሁ። 4፡40 ላይ ከአንድ ቀን በላይ እንደሚወስድ አወቅን፤ ለእናንተ የነገርናችሁ ግን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ብዙዎቻችሁ አሁን ይመለሳል ብላችሁ ደንበኛ አቆይታችኋል፣ ዕቃ ሰጥታችሁ ብሩን ጠብቃችኋል። ወዲያው መንገር ነበረብን።

2,140 ክፍያዎች ከከፋዩ ተቆርጠው ተቀባዩ ጋ አልደረሱም። 1,962ቱን አድርሰናል። የቀሩት 178 እስከ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ይደርሳሉ። መደወልም ማመልከትም አያስፈልጋችሁም፤ የእናንተ ክፍያ ከ178ቱ ውስጥ ከሆነ ዛሬ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ በስማችሁ መልእክት እንልክላችኋለን።

ሙሉ ቅጂ ላይ መመለስ እስክንሞክርና እስክንለካ ድረስ ሌላ ማሻሻያ አናደርግም። ሙከራውን በ30 ቀን ውስጥ ጨርሰን ውጤቱን በዚሁ ገጽ እናወጣለን። ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎት ከአንድ ሰዓት በላይ ከተቋረጠ፣ አዲስ ነገር ባይኖርም እንኳ በየሰዓቱ እንናገራለን።»

የ30 ቀኑን፣ የየሰዓቱንና መረጃ አልወጣም የሚለውን እኔ ነኝ ያስገባኋቸው፤ ሦስቱንም ቴክኒክ ክፍል ሳያረጋግጥ እንዳታወጪ። በተለይ ሦስተኛውን። ያልተጣራ ከሆነ «እስካሁን ባጣራነው» በይበት ወይም አውጪው።

ሱቅ_በደረቴ

ይህኛውስ ደህና ነው። የኔ ድርጅት እንዲህ ብሎ አያውቅም እንጂ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከከፋዩ ተቆርጦ እኔ ጋ ያልደረሰ ብር ለእኔ ነው የሚላከው ወይስ ለከፋዩ ይመለሳል? የኔ ደንበኛ ማክሰኞ ከሰዓት ተመልሶ መጥቶ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎኛል እንበል። አሁን ለእኔ ከገባ ሁለት ጊዜ ተከፈለኝ ማለት ነው።

ጥሪ_ማዕከል

ጋሼ፣ ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር። ከ1,962ቱ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ የተተኩ በርግጠኝነት ይኖራሉ። ሰብለ፣ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «ክፍያው በሌላ መንገድ ተከፍሎ ከነበረ ተቀባዩ በመተግበሪያው ‹መልስ› የሚለውን ቢጫን ገንዘቡ ያለ አገልግሎት ክፍያ ለከፋዩ ይመለሳል።» ያ ቁልፍ ካለ ማለቴ ነው። ከሌለ ነገ ከመግለጫው በፊት መፍትሔ ይፈለግለት፣ አለበለዚያ ከፋይና ተቀባይ እርስ በርስ ይጣላሉ።

ሰብለ_ኮ

ቁልፉ አለ፤ ክፍያ አያስከፍልም ወይ የሚለውን አጣራለሁ። ስለ ካሳስ? አለቃዬ «ተገቢውን ካሳ እያጤንን ነው» የሚል እንዲገባ ይፈልጋል።

ዶን_ሚልስ

አታስገቢው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 የቴሌኮም ድርጅቱ የሮጀርስ ኔትወርክ በመላው ካናዳ ሲጠፋ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ነው የተነካው። የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ 911 ለብዙዎች አልሠራም፣ በካርድ መክፈያው ኢንተራክም ቆመ። ድርጅቱ መጀመሪያ የሁለት ቀን ሒሳብ እንመልሳለን አለ፣ ሰው ሲጮህ ወደ አምስት ቀን ከፍ አደረገው። አምስቱን ቀን መጀመሪያውኑ ቢሰጡ ኖሮ በሌላ ዓይን ይታይላቸው ነበር። አንድ ጥሩ ነገር ያደረጉት፣ ማንም ሳይጠይቅ በራሱ ከሒሳቡ ላይ እንዲቀነስ ማድረጋቸው ነው።

የአውስትራሊያው የቴሌኮም ድርጅት ኦፕተስ በኖቬምበር 2023 ለ14 ሰዓት ያህል ሲቋረጥ 200 ጊጋባይት ነፃ ዳታ ሰጠ። ሽያጭ ያጣ ባለ ሱቅ በዳታ ምን ያደርጋል? ትችቱ ለቀናት አልበረደም፣ በዚያው ወር ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ከኃላፊነታቸው ለቀቁ።

ሰርቨር_ክፍል

ለሰብለ ድርጅት ግን አንድ ልዩ ችግር አለ። ሮጀርስ የወር ክፍያ ስለሚቀበል «አምስት ቀን» ማለት ይችላል። እናንተ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ከሆነ የምትቆርጡት፣ በ38ቱ ሰዓት ምንም ክፍያ ስላልነበረ የሚመለስ ሒሳብም የለም። በሰዓት የተሰላ ካሳ ዜሮ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወደፊት መሄድ ይኖርባችኋል፤ ለምሳሌ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ከነጋዴዎች የአገልግሎት ክፍያ አለመቁረጥ። ጠፍቶ ለቀረ ሽያጭ መክፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን ማንም በመግለጫ አይወስነውም።

«እያጤንን ነው» ግን ሁለቱንም አይደለም። ወይ መጠኑን ጻፉ፣ ወይ «ውሳኔውን እስከ ጥቅምት 20 እናሳውቃለን» ብላችሁ ቀን ቁረጡ፣ ወይ ስለ ካሳ ምንም አትበሉ።

ለዛ_ያለው

ሁለት ሳምንት ያለ ክፍያ? ይቅርታው የማስታወቂያ ቅናሽ አይመስልም? «ይቅርታ፣ በዚህ አጋጣሚ በነፃ ይገበያዩ» ዓይነት።

ጥሪ_ማዕከል

እዚህ ላይ ልክ ብለሃል። ለብቻው ይቁም፤ ከይቅርታው ቀጥሎ ሳይሆን ከገንዘቡ አንቀጽ በታች በአንድ ደረቅ መስመር። «ስጦታ» የሚል ቃል አይግባበት፣ ሥዕልም አይኑረው።

ስለ ማሠራጫው አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ እዚህ ይበላሻል። ነጋዴዎቻችሁ ብዙዎቹ ፌስቡኩን አያዩትም፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው የሚደርሳቸው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባበት ግን አቅሙ 70 ይሆናል። ከዚያ ካለፈ እየተከፈለ ይላካል፣ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል፣ ሒሳቡም በክፍል ነው። ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። መግለጫውን ቆርጣችሁ ከላካችሁት ነጋዴው የሚያየው «ውድ ደንበኞቻችን፣ ማክሰኞ ከሌሊቱ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ለብቻው ይጻፍ፦

«ይቅርታ። ክፍያ ከትናንት ቀን 9፡40 ጀምሮ ይሠራል። ተቆርጦ ያልደረሰ ብር ካለ እስከ ዓርብ እናደርሳለን።»

67 ፊደል ነው፣ በአንድ መልእክት ይገባል። ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት። መጀመሪያ የጥሪ ሠራተኞች መግለጫውንና የጥያቄና መልስ ወረቀቱን ይያዙ፣ ከዚያ 178ቱ ሰዎች በግል ይነገራቸው፣ ከዚያ ለሁሉም ይውጣ። ከተገለበጠ 178ቱ ዜናውን ከፌስቡክ ይሰሙታል።

ዶን_ሚልስ

ለቤተሰብ ብር የምንልክ ውጭ ያለን ሰዎች የእንግሊዝኛውን ቅጂ ነው የምናነበው። «ከሌሊቱ 7፡40» ያለው በእንግሊዝኛው 1:40 AM መሆን አለበት። እንዲሁ 7:40 ተብሎ ከተገለበጠ መቋረጡ በስድስት ሰዓት የተሸሸገ ይመስላል። ጋዜጠኛ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ካስቀመጠ ደግሞ ታሪኩ እሱ ይሆናል።

ሰብለ_ኮ

ከስብሰባ ወጣሁ። እስካሁን ያለው ይህ ነው። ቴክኒክ ክፍል የ30 ቀኑን ወደ 45 አራዝሞ ተቀብሎታል። «የግል መረጃ አልወጣም» በሚለው ላይ «እስካሁን ባጣራነው» ተጨምሯል። የመመለሻ ቁልፉ ክፍያ ይቆርጥ ነበር፣ ለ2,140ዎቹ እንዳይቆርጥ ዛሬ ማታ ያስተካክሉታል። አለቃዬ «ምክንያቱ የእኛ ሥራ ነው» የሚለውን ተቀበለ። የሕግ ክፍሉ ግን ከ4፡40 እስከ 11 ሰዓት ያለውን አንቀጽ በሙሉ ሰርዞታል። በምትኩ «መረጃ በማድረስ ረገድ ክፍተት እንደነበር ተገንዝበናል» የሚል ገብቷል። ምን ልበላቸው?

የሕግ_ዶሴ

እኔ ብሆን «መንገር ነበረብን» የሚለውን ብቻ አወጣ ነበር እንጂ ሰዓቶቹን አልሰርዝም። ሁለቱ ማስታወቂያዎች የወጡት በራሳችሁ ገጽ ላይ ነው፤ ሰዓታቸው የታወቀ ነገር ነው።

ሰርቨር_ክፍል

የታወቀው ማስታወቂያዎቹ የወጡበት ሰዓት ነው። 4፡40 ላይ ታውቆ እንደነበር ውጭ ያለ ሰው አያውቅም። የሕግ ክፍሉ የፈራውም ያንን ነው፣ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ግን ውሳኔው ሲወሰን በክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ነበር? የሥራ መዝገቡን ያየስ ስንት ነው? በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዱ ይናገራል። ያኔ «ክፍተት» የሚለው ቃል ከመግለጫው ተቆርጦ ይለጠፋል። ይህን ንገሪያቸው። ካልሆነ ቢያንስ ይህችን ለማትረፍ ሞክሪ፦ «በአንድ ሰዓት ይመለሳል ያልነው ስህተት ነበር፣ ያረምነውም 7 ሰዓት ቆይተን ነው።» ሁለቱም በገጻችሁ ላይ ያሉ ሰዓቶች ናቸው፤ 4፡40ን አይጠቅስም። ከሙሉው እውነት ያንሳል፣ ከ«ክፍተት» ግን ይበልጣል።

ጥሪ_ማዕከል

እኔ 4፡40 ካልገባ መግለጫው ላይ ፊርማ አልፈልግም እላለሁ። ግማሹን ተናዝዞ በስም መፈረም ኋላ ሰውየውን ብቻውን ያስቀረዋል። በድርጅቱ ስም ይውጣ።

ሰብለ_ኮ

አለቃዬ በራሱ ስም ሊፈርም ነው ያሰበው። ይህን ለእሱ እንደተጻፈ አሳየዋለሁ። የአንድ መስመሯን አማራጭ ለሕግ ክፍሉ ልኬያለሁ፣ መልሱ ሲመጣ እዚህ እጽፋለሁ።

ሱቅ_በደረቴ

ሰብለ፣ እኔም እንዳልሽኝ ደወልኩ። ተራ ቁጥር 41 ነኝ ብሎኛል።